ከእድፉ ሥር የወጡት ጣቶች

ይህ የሆነ ነገር ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ይሄነው ራሱ ነው የነገረኝ።

ባለፈው ዓመት ነው። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠራራ ፀሐይ።

ይሄነው ጣሊያን አገር፣ ቱሪን ውስጥ፣ አሮጌ ፎቶ በሚታደስበት ቤት ይሠራል። የአያቱ የእማማ የሻረግ ፎቶ ኢንጅባራ አጠገብ ዘንገና ካለው ቤታቸው በሰው እጅ ተልኮለት ነበር።

የቀረቻቸው አንዲት ፎቶ ናት። ባላቸው አድማሴ በምሳር የተገደሉ ዕለት ቤታቸውም ተቃጥሏል። ይህች የተረፈችው የሟቹ ደረት ኪስ ውስጥ ስለነበረች ነው።

ገዳዩ አልታወቀም። አርባ ዓመት አለፈ።

ፎቶዋ ላይ ባልና ሚስቱ ዳንግላ ከተማ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ካሜራውን ቀጥ ብለው እያዩ። ፎቶዋ ለአራት ታጥፋ ስለኖረች እጥፋቱ ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኗል። የአድማሴን ትከሻና ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ ደግሞ ቡናማ እድፍ ውጦታል።

«እማማ፣ እድፉ ምንድን ነው?» ብሎ በስልክ ጠየቃቸው።



«ደሙ ነው የኔ ልጅ።»

ውሃ አላስነካውም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ብቻ አነሳና በከፍተኛ ጥራት ስካን አደረገው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ስካኑ በቀለም ነው፤ አለዚያ እድፉን ከምስሉ መለየት አይቻልም። ዋናውን ፋይል እንዳይነካ ቆለፈውና ቅጂው ላይ ሥራ ጀመረ።

ስንጥቁን አጠገቡ ካለው ደህና ቦታ እየቀዳ፣ ነጥብ በነጥብ ሞላው። ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ፊታቸው ላይ ሲደርስ እጁን ሰበሰበ። ያልነበረ መልክ መፍጠር አልፈለገም።

የቀረው እድፉ ነው።

የስካን ቀለም ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተሠራ ነው። ቡናማ እድፍ በሰማያዊው ይጠቁራል፣ በቀዩ ይሳሳል። ስለዚህ ሁለቱን አጥፍቶ ቀዩን ብቻ አስቀረ።

እድፉ ሳሳ።

መጋረጃው ብቅ አለ...

ከዚያ ጣቶች።

አራት ጣቶች፣ የአድማሴን ትከሻ የጨመደዱ።

ከጣቶቹ በላይ ፊት ነበር። የወጣት ፊት... ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት።

ይሄነው ሰውየውን አያውቀውም። ምስሉን እማማን ለምታስታምመው ለአክስቱ ልጅ ለአምሳለ ላከና በቪዲዮ ደወለ። እማማ ከአምሳለ እጅ ስልኩን ተቀብለው ቁልቁል አዩ። 

«ሁለት ነበርን» አሉ።

«ታዲያ ይሄ ማነው እማማ?»

«እንግዳው ይባላል። ጎረቤታችን። ግን እኮ ስቱዲዮው አልገባም! በቅሏችንን ይዞ ውጭ ነበር የቆመው!»

አምሳለ ወደ በሩ ዞረች።

«ይሄነው... መጣ» አለች በሹክሹክታ።

«ማን?»

«አባባ እንግዳው።»

ሽማግሌው ቅዳሜ ቅዳሜ እማማን ሳይጠይቅ አያልፍም። ለከሰል የሚሆን ግራር ሲቆርጥ አርፍዶ መመለሱ ነው። ምሳሩ ትከሻው ላይ ነበር።

«አታሳዩት!» አለ ይሄነው።

እማማ ግን ስልኩን አዙረው ፊቱ ላይ ያዙት።

«እንግዳው፣ ይህ ማነው?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ። 

«እዚያ አልነበርኩም» አለ።

ቀጥሎ በጣም ቀስ ብሎ...

«የእርሻችን ድንበር ላይ አድማሴን ስመታውም ማንም አልነበረም። ማን አየኝ?»

ምሳሩ ተነሳ። አምሳለ በመሃል ገባች፤ ክንዷን ወደ ላይ አነሳች። አጥንቱ ሲሰበር ቱሪን ድረስ ተሰማ። ስልኩ ወደቀ፤ ይሄነው የሚያየው ጣሪያውን ብቻ ሆነ።

ጩኸት።

የሚሰበር ነገር።

እማማ በአዊኛ ጮኹ። ከዚያ ድፍን ያለ ድምፅ መጣ፣ እህል እንደሚወቀጥ...

አንዴ። ሁለቴ። ሰባት ጊዜ ቆጠረ።

ጎረቤት ሲደርስ እማማ ዘነዘናውን እንደያዙ ቆመው ነበር። ዘነዘናው እስከ እጃቸው በደም ርሷል። እንግዳው ኢንጅባራ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። የአምሳለ ክንድ ተቆረጠ።

ፖሊስ ፎቶውን ጠየቀ። ይሄነው ያደሰውን ከፈተ።

ከአድማሴ ጀርባ ማንም የለም። ጣቶቹም የሉም።

የተቆለፈውን ዋና ፋይል ከፈተ። እንደገና ቀዩን ብቻ አስቀረ።

እድፉ ሳሳ። ከሥሩ መጋረጃ ብቻ ነበር።

እማማ የሻረግ እንደ ድሮው ካሜራውን እያዩ ነው።

አያቱ አድማሴ ግን ካሜራውን አያዩም።

አንገታቸው ወደ ኋላ ዞሯል... አፋቸው ተከፍቷል።