ሦስተኛዋ ተራኪ

ክንዱን የወደድሁት ሲያነብ ሰምቼው ነው። የቁንዝላ ጀልባ ዘግይቶብን፣ ዝናብም ይዞን፣ ወደቡ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠግተን ቆመናል። ከጎኔ አንድ የማላውቀው ረዥም ሰው ወረቀት እያገላበጠ ለራሱ ያነበንባል። ስለ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ቀዛፊ ነበር። ሽማግሌው ነፋሱን እንደ ጎረቤት ሲሳደብ ሳላስበው ሳቅሁ።

«የማን ድርሰት ነው?» አልሁት።

«የእኔ» አለና አፈረ።

እኔ ፔዳ፣ መምህራን ኮሌጁ ውስጥ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ፤ እሱ የፋብሪካ ሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰንበት በመጣ ቁጥር ጣና ዳር እየተቀመጥን ያነብልኛል። እኔን ብዙም አይጠይቀኝም ነበር፤ እኔም ልብ አላልሁትም። ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ዝም ብሎ ሲያየኝ ስሜ ራሱ ይጠፋኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

ልብ ወለዱን ሦስት ሰዎች በየተራ ይተርኩታል። አንዱ ወጣት ነው፤ የሚወዳትን ልጅ በታንኳ ይዟት ሊጠፋ ሐይቁ ዳር ሲጠብቃት ያድራል፤ ልጅቱ አትመጣም። ሁለተኛው ሽማግሌው ቀዛፊ ነው። ሦስተኛዋ ልጅቱ ናት።

አሳታሚው ከአዲስ አበባ ቁርጡን ነገረው። ወረቀት የለም፤ ከመጽሐፉ ሲሶው ይቀነስ፤ ከሦስቱ ተራኪዎች አንዱ ይውጣ።

«ቀዛፊውን ላውጣው መሰለኝ» አለ ክንዱ። «ወጣቱና ልጅቱ ካሉ ፍቅሩ አይጎዳም። ግን ፍርዱ ያንቺ ነው፤ ያልሽውን አደርጋለሁ።»

ቤት ወስጄ መመዘን ጀመርሁ። መጀመሪያ በየምዕራፉ ራስ ላይ ያለውን የተራኪ ስም በወረቀት ሸፈንሁና ከመካከል አንድ አንድ ገጽ አነበብሁ። ቀዛፊው በግማሽ መስመር ይታወቃል፤ ቃሉ አጭር ነው፤ ከወገቡ ሕመምና ከዓሣው ዋጋ አይወጣም። ወጣቱም ያስታውቃል፤ ጀምሮ አይጨርስም። አንዱን ገጽ ግን ወጣቱ ነው ብዬ አንብቤ ስገልጠው ልጅቱ ሆነች። ሌላም ገጽ ደገምሁ፤ ያው ነው።

ቀጥዬ እያንዳንዱ ተራኪ ሌሎቹ የማያውቁት ምን ያውቃል አልሁ። ቀዛፊው አንድ ትልቅ ነገር ያውቃል። ልጅቱ ሐይቁ ዳር እስካለው ሾላ ድረስ መጥታ፣ ቆማ አይታ፣ ማንም ሳይዛት በገዛ እግሯ ስትመለስ አይቷል። ለወጣቱ ግን አልነገረውም። ወጣቱ «አባቷ ቆልፎባት ነው» እያለ ሲያለቅስ አንባቢው አንጀቱ የሚላወሰው ቀዛፊው ስላለ ነው። እሱ ከወጣ የወጣቱ ለቅሶ ተራ ለቅሶ ይሆናል።

ልጅቱስ? እወደዋለሁ ትላለች፣ መልኩን ታወድሳለች፣ ታለቅሳለች። ይህን ሁሉ ከወጣቱ ሰምተነዋል። እሷ ብቻ የምታውቀውን፣ ለምን እንደተመለሰች፣ «ዕጣዬ ነው» ብላ አለፈችው። ምዕራፎቿን አውጥቼ ቀሪውን አነበብሁ፤ የጎደለ ነገር ቢኖር የሠርጓ ቀን መቅረቡና የእናቷ መታመም ነው። ያንን ደግሞ ቀዛፊው ገበያ ላይ ሰማሁ ብሎ በሁለት መስመር ሊጨርሰው ይችላል።

ወረቀቱን ሳልሰበስብ አባቴ መሪጌታ ገብረ መስቀል ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ ልጄ፣ ተቀመጪ። የክንዱ ሽማግሌዎች ትናንት መጥተው ነበር። ትሑት ልጅ ነው አሉኝ፤ እኔም እሺ ብያለሁ። ሠርጉን ለጥር ቆርጠነዋል።»

«እኔ ሳልሰማ ነው አባባ?»

«አልነገረሽም እንዴ? የምታውቂ መስሎኝ ነው እኮ።»

ክንዱን ማግባት ከሁሉ አብልጬ የምፈልገው ነገር ነበር። ቢጠይቀኝ ሳይጨርስ እሺ እለው ነበር። ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር አገኘሁት።

«ቀዛፊው ይቆይ። የምትወጣው ልጅቱ ናት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «እሷ እኮ አንቺ ነሽ፣ እናትዓለም። እሷ ከወጣች ከመጽሐፉ ምንሽ ይቀራል?»

«አሁንስ የቱ ጋ አለሁ? በሷ ምዕራፍ ቀሚስ ለብሰህ የምታወራው አንተ ነህ።»

ሳቅ ሊለው ነበር፤ ዓይኔን ሲያይ ተወው።

«ለምን ተመለሰች?» አልሁት።

«ፈርታ ነዋ።»

«የሚጠፉበትን ቀን ማን ቆረጠው? ታንኳውን ማን ተከራየው? እሷን ‹ትመጪያለሽ ወይ› ያላት አለ? ሽማግሌ ስትልክስ እኔን የጠየቀኝ አለ?»

«እሺ እንደምትዪ አውቄ ነው።»

«ታዲያ ምነው እሺ እስክል ብትጠብቀኝ?»

«እንደገና እጽፋታለሁ» ብሎ ምዕራፎቿን ይዞ ሄደ። ሠርጉም ጥርን ይለፍ ብዬ አባቴን ለመንሁ፤ እሳቸውም አዝነው ተስማሙ።

አዲሷ ልጅ ተቆጪ ሆና መጣች። ስሟን ሸፍኜ አነበብሁ፤ አሁን ከወጣቱ ትለያለች። ግን የምትናገረው ሐይቁ ዳር እኔ የተናገርሁትን፣ ቃል በቃል ነው። ምን እንደምትፈልግ ዛሬም አታውቅም።

«ድምፅ አገኘህላት» አልሁት። «የምትለው ግን ገና የላትም።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

ጠይቀኝ ማለት ነበረብኝ፤ እልህ ያዘኝና አላልሁትም። ሳይወል ሳያድር የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ። የክንዱም ስም ተጠራ።

የሄዱ ዕለት ማለዳ አውቶቡሶቹ በሰው ተከበው፣ እናቶች እየጮሁ፣ ተጋፍቼ መስኮቱ ሥር ደረስሁ። ድርሰቱን በመስኮት አቀበለኝ። «እንደፈረድሽው አድርጊው» አለ። ከዚያ እጄን ያዘና ዝቅ ብሎ ጠየቀኝ።

«ለምንድን ነው የተመለሰች? እኔ እንጃ፣ አላውቅም። ንገሪኝ።»

ነገርሁት። ልጅቱ ጓዟን ጠቅልላ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጥታ ነበር። ከሾላው ሥር ሆና አየችው፤ ጀርባውን ሰጥቷት ውሃውን ያያል። መምጣቷን ከማመኑ የተነሣ ወደ መንገዱ አልዞረም። አንዴ ቢዞር ትሮጥ ነበር። ጎንደር ሄዳ መማር ትፈልግ እንደነበር፣ ይህንንም ለሱ ልትነግረው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ እንደዘጋች ነገርሁት።

«ከዚያስ?» ይለኛል። «እሺ፣ ከዚያስ?»

እንዲህ ሲያዳምጠኝ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። እያለቀስሁ አወራሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጄን እንደያዘ ነበር፤ አብሬ ጥቂት ሮጥሁ።

ክንዱ አልተመለሰም። መርዶውን የቀበሌ ሰዎች አመጡ፤ የት እንደወደቀ እንኳ የነገረን የለም። እኔ የሚስትነት ለቅሶ የለኝም፤ ሚስቱ አይደለሁማ። ከዘመዶቹ ኋላ ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ።

ዓመት አልፎ ወረቀቱን አወጣሁ። ለክንዱ የነገርሁትን የልጅቱ ምዕራፍ አድርጌ መጻፍ እችል ነበር። ስሟ ቢሸፈን የምትታወቅ፣ ሌላው የማያውቀውን የምትናገር፣ ብትወጣ መጽሐፉ የሚፈርስ ትሆን ነበር። ብዕር አንሥቼ ሞከርሁ። በየመስመሩ «ከዚያስ?» የሚለኝን ሰው እጠብቃለሁ፤ የለም። ለሌላ ሰው ልነግረው አልፈለግሁም።

ምዕራፎቿን አወጣሁ፤ የሠርጓንና የእናቷን ሕመም ሁለት መስመር ለቀዛፊው ሰጠሁ፤ ለአሳታሚው ላክሁት። ታተመ።

አሁን ተማሪዎቼ ያነቡታል። በፈተና ላይ ልጅቱ ለምን ተራኪ እንዳልሆነች እጠይቃለሁ። ጎበዞቹ ደራሲው አውቆ ዝም እንዳሰኛት፣ የመጽሐፉም ኃይል ከዝምታዋ እንደሚመጣ ይጽፋሉ። ትክክል ናቸው፤ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። እሷ ግን ዝም አላለችም። አውቶቡሱ እስኪሄድ ድረስ ስትናገር ነበር።