ይላላል ወይስ ይጠብቃል?

«እዚህ ላይ ቁረጪው!» አለች ፈህሚያ።

ሚስጥር ጣቷን ከማውሱ ላይ አላነሳችም። በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክፍል፣ ባረጀው ኮምፒውተር ላይ፣ የፈህሚያ እናት ሐዲጃ ስክሪኑን ሞልታ ትታያለች። በእጇ ዝናብ ያራሰው ወረቀት ይዛለች። አየር ሳበች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቃሉን አነበበችው። ሁለቱ ልጆች ይህን ቦታ ሃያ ጊዜ አይተውታል፤ ሃያ አንደኛውም ላይ ሰውነታቸውን ውርር አደረጋቸው።

«አየሽ?» አለች ሚስጥር። «ትሬይለሩ ላይ ይሄን ካላስገባን ምን ልናስገባ ነው? ሰው ያለቅሳል እኮ!»

«መጨረሻው ነዋ! ሐሙስ አልቅሶ ከጨረሰ ቅዳሜ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«አንቺ ደግሞ ስታካብጂ!»

«ስም አውጪሽ ነው የተሳሳተው። ሚስጥር ተብለሽ አንዲት ሚስጥር መያዝ ያቅትሽ?»

ሚስጥር ሳቀች፤ ግን አልተረታችም። «እሺ፣ እስከ ነገ ስክሪፕቱን አምጪ። የጻፍሽውን እቆርጣለሁ። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ግን እኔ የለሁበትም።»

ድራማቸው «የዛሪማው ወረቀት» ይባላል፤ ሃያ ደቂቃ ነው። አጭሩ ማስታወቂያ፣ ትሬይለሩ፣ ሐሙስ ይታያል፤ ሙሉው ድራማ ደግሞ ቅዳሜ በአዳራሹ። የሻው የሚባል ልጅ ለሥራ ወደ ዛሪማ ቆላ ወርዶ ድምፁ ይጠፋል። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሾፌር ለእናቱ የታጠፈ ወረቀት ያመጣል። ዝናብ ጽሑፉን አጥቦታል፤ ጎልተው የቀሩት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፦ «የሻው አለ»። አላልተው ካነበቡት ልጁ አንድ ነገር ተናግሯል፤ የተናገረው ግን ታጥቧል። አጥብቀው ካነበቡት በሕይወት አለ ማለት ነው። እናቲቱ ማንበብ ገና እየተማረች ነው። ወረቀቱን ለጎረቤት አልሰጥም ትላለች። ከቃሉ ሥር የቀረውን የቀለም ጥላ ፊደል በፊደል ለቅማ፣ በመጨረሻ ድምፅዋን አውጥታ ታነበዋለች።

እናቲቱን የሚጫወት ሰው ሲጠፋ ፈህሚያ የራሷን እናት ለምና አመጣች። ሐዲጃ ከሰዓት በኋላ በዚያው ትምህርት ቤት የጎልማሶች ክፍል ትማራለች። የመጨረሻውን ትዕይንት የቀረጹት ከዳባት ከፍ ብሎ፣ ገደሉ አፍ ላይ ነበር። ሐዲጃ ቃሉን በቃሏ እንድትለው ተነግሯት ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ገለጠችና የእውነቷን አነበበችው፤ ጣቷ እየተከተለ፣ ግንባሯ እያላበው። ከገደሉ ሥር ጭጋግ ተነሥቶ እግሯን ሸፈነው። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ መምህር ፊልጶስ «ቁረጥ» ማለቱን ረሳው። ፈህሚያ እናቷን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻት መሰላት።

መምህር ፊልጶስ ስለ ትሬይለር ብዙ አይናገርም። «ትሬይለር በር ያንኳኳል እንጂ አይከፍትም» ይላል። «ታሪኩን አታሳጥሩልኝ። እያንዳንዱ ምስል ጥያቄ ይጫር፤ ለጥያቄው መልስ ሳይሆን ሌላ ጥያቄ ይከተለው። ከድራማው የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ስትወስዱ ደግሞ እጃችሁ ይንቀጥቀጥ።»

ፈህሚያ አራዳ፣ ገበያው መሃል ባለው የእናቷ የጨርቅ ሱቅ፣ ባንኮኒው ላይ ደብተሯን ዘርግታ ገጹን ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ ምስል፣ በቀኝ ድምፅ። ጠቅላላው አንድ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሰከንዶች ተመልካቹ ካልተያዘ ስልኩን ያወጣል፤ ስለዚህ በሾፌሩ ጀመረች። በግራ «ጭጋግ የዋጠው መንገድ። ከጭጋጉ አንድ እጅ ወጥቶ እርጥብ ወረቀት ይዘረጋል» ብላ ጻፈች። በቀኝ «የመኪና ሞተር ይጠፋል። ‹የየሻው እናት አንቺ ነሽ?›»

ቀጥሎ ጎረቤቷ «አምጪ፣ እኔ ላንብብልሽ» ስትል፣ እናቲቱም ወረቀቱን ደረቷ ላይ ስትጫነው። ከዚያ ምስሎቹ እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ሦስት ሰከንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ጠመኔ። ዝናብ። የልጁ ባዶ መደብ። ከሥራቸው ጠመኔ ሰሌዳ ሲመታ፣ እየፈጠነ፣ እየፈጠነ። በድንገት ጸጥታ። ወረቀቱ ብቻ፦ «የሻው አለ»። ጨለማ። የድራማው ስም፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ።

የመጨረሻው ረድፍ ቀኝ ግን አልሞላ አለ። «እናትየዋ ታነባለች» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፤ ደግማ አጠፋችው። ወረቀቱ ሳሳ።

ሐዲጃ ጣቃውን አስቀምጣ መጣች። «ሐሙስ ድምፄ ይሰማል አይደል? ለክፍሌ ሴቶች በሙሉ ተናግሬያለሁ። ባንቺአየሁ እንኳ ቅዳሜ ገበያ ስላለባት ሐሙስን ነው የምትጠብቀው። ደግሞ አፌ ተሳስሮ እንዳይሆን፤ አላሳፍርሽም አይደል፣ የኔ ልጅ?»

ፈህሚያ ደብተሩን ወደ እናቷ አዞረችው።

ሐዲጃ ጎንበስ ብላ ጀመረች። «ጭ… ጋግ… የ… ዋ… ጠው…» ከዓመት በፊት ይህችው ሴት ጣቃዎቿን በቀለም እንጂ በተጻፈባቸው አትለያቸውም ነበር። አሁን የልጇን እጅ ጽሑፍ፣ ያውም እርሳስ፣ መስመር በመስመር እየወረደች ነው። ሐዲጃ ከመጨረሻው ረድፍ ደረሰች፤ ጣቷ የሳሳውን ቦታ ዳሰሰ።

«እዚህ ጋ እኔ ነበርኩ?»

«ነበርሽ።»

«ምነው በሩን ከፍታችሁ ወረቀት ላይ ተደፋችሁ?» የሚል ድምፅ ከደጅ መጣ። ባንቺአየሁ ናት፤ ከወገራ መጥታ ነጭ ሽንኩርት የምትነግድ፣ ከሐዲጃ ጋር አንድ ዴስክ የምትቀመጥ። «እስቲ እኔም ልይ! እኔስ ተማሪ አይደለሁ?»

ጣቷን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጣለች። «የ… ሻ… ው… አለ።» አላልታ ነበር ያነበበችው። «ሸጋ። ምን አለ?» ጠበቀች። ቀጥሎ ያለው ባዶ ነው። ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ወይስ… አለ?» አሁን አጠበቀችው። «ልጁ አለ? ምነው፣ የቱ ነው? ሐዲጃ፣ ይላላል ይጠብቃል?»

ፈህሚያ እናቷን አየች። ሐዲጃ ከቀረጻው ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ የጓጓችው ለዚህ ነበር፤ አንድ ሰው እንዲጠይቃት፣ እሷም አንብባ እንድታሰማ። አየር ሳበች። አፏ ተከፈተ።

ሐዲጃ ልጇን አየች፤ የሳሳውን ወረቀት አየች፤ አፏን ገጠመችው።

«ቅዳሜ» አለች።

«ቅዳሜማ ገበያ አለብኝ!»

«እንግዲያው ሳታውቂ ትቀሪያለሻ።»

«ኧረ አንቺ ክፉ!» ባንቺአየሁ ነጠላዋን አጣፋች። «ለአንዲት ቃል ብዬ ነጭ ሽንኩርቴን ሜዳ ላይ ልጥል?» እያጉረመረመች ወጣች። በመንገዱ ላይ ድምፅዋ ይሰማ ነበር፤ አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ፣ «አለ… አለ…» ትላለች።

ፈህሚያ እርሳሷን አነሣች። በሳሳው ቦታ ላይ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ቀስ ብላ ጻፈች። ሐዲጃ በትከሻዋ በኩል አጮለቀች።

«ት… ን… ፋሽ… ይ… ሳባል።» ቀና አለች። «የማን ትንፋሽ?»

«ያንቺ፣ እማ» አለች ፈህሚያ። «ከቃሉ በፊት ያለው። እሱ ጋ እንቆርጣለን።»