ከበረካ በፊት ማንም አይወጣም

ጀበናው በቦታው ነበር። ቀለበቱ ግን የለም።

«እዚህ ነው ያስቀመጥኩት! እዚቺው ሳህን ላይ!» አለች ሙሽሪት፣ ባዶውን ሳህን ገልብጣ እያየች።

ቀለበቱ የእጮኛዋ እናት ንብረት ነበር። ሴትየዋ ከሞቱ ወዲህ ለልጃቸው ከእናቱ የቀረለት እሱ ብቻ ነው፤ አደራ ብሎ ነው የሰጣት። ሠርጉ ደግሞ የፊታችን እሁድ ነው። ምን ብላ ፊቱ ትቆማለች?

ነገሩ የሆነው በአንድ አፍታ ነው። አያቷ ቡናውን አጥበው፣ ቆልተው፣ እስኪደቅ ወቅጠው አፍልተዋል። አቦሉ ተጠጥቷል። ቀለበቱም ከእጅ እጅ ዞሮ፣ ተደንቆ፣ ስኒዎቹ ከተደረደሩበት ረከቦት አጠገብ ሳህን ላይ አርፏል። አያት በዚያው አተላ ላይ ውሃ ጨምረው ቶናውን ጣዱ። አረፋው በጀበናው አንገት ሽቅብ ሲል ትንሽ በስኒ ቀድተው መልሰው አበረዱት። ከዚያ አወረዱና ከድነው ከጨርቅ በተሠራው ማቶት ላይ ዘንበል አድርገው አስቀመጡት፣ አተላው ወደ ታች እንዲሰክን።

ይኼኔ ነው ንፋሱ ጣሪያ ሠሪው ሲጠግነው የነበረውን የመኝታ ቤቱን ቆርቆሮ የገነጠለው። ዝናቡ አልጋው ላይ ወረደ። ያለው ሁሉ ባልዲና ሳፋ እየያዘ ሮጠ። ሲመለሱ ሳህኑ ባዶ ነበር።

ለቡናው የመጡት ጎረቤት፣ ሃምሳ አለቃው፣ ተነስተው በሩን ቆለፉ። ከፖሊስነት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጥርጣሬያቸው ግን ገና በሥራ ላይ ነው። ወለሉን አዩ። ከጓሮ በር እስከ ጣሪያ ሠሪው የመሣሪያ ሳጥን ድረስ እርጥብ የጫማ ዱካ አለ።

«አንተ! ጣሪያ ሠሪው! በዚህ አልፈሃል?»

«አልፌአለሁ ጌታዬ። ሚስማር ልወስድ።»

«ብቻህን?»

«ሁላችሁም መኝታ ቤት ነበራችሁ።»

«ቀለበቱን አየኸው?»

«እኔ የማየው ጣሪያ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። የሙሽሪትን ቀሚስ ልትለካ መጥታ ነው ለቡናው የቀረችው።

«ምን ያስቅሻል? መሐረብሽ ላይ የቋጠርሽው ምንድን ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ቀላች። «ምንም።»

«ፍቺው!»

ፈታችው። አንድ ጭብጥ የተቆላ ቡና ነው።

«እማማ ይቅር ይበሉኝ» አለች መሬት መሬት እያየች። «እኔ ስቆላ ወይ ያርብኛል ወይ ጥሬ ይሆናል። ቀለሙን ቤቴ ወስጄ ላመሳክር ብዬ ነው።»

«ብትጠይቂኝ እኮ እንኪ ነበር የምልሽ» አሉ አያት።

«እንግዲያው አለቀ» አሉ ሃምሳ አለቃው፣ የጣሪያ ሠሪውን ክንድ ይዘው። «ጣቢያ እንሂድ። እዚያ ትናገራለህ።»

ሰውየው አመድ መሰለ። አንድ ጊዜ ሌባ ከተባለ በዚያ ሰፈር ጣሪያ ላይ የሚያወጣው የለም።

«ከበረካ በፊት ማንም አይወጣም» አሉ አያት።

«እማማ፣ ይሄ የፖሊስ ሥራ ነው።»

«ቤቱ ግን የእኔ ነው። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። እሳቸውን የሚያዝ ሰው ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው።

አያት ጀበናውን ከፍ አድርገው ቶናውን ከስኒ ስኒ ሳያቋርጡ ቀዱ። ከጀበናው ማፍሰሻ ጡት የወረደው ግን እንደ ወትሮው ጥርት ያለ አልነበረም። ደፈረሰ። አተላው ስኒው ላይ ተንሳፈፈ። የእሳቸው ቡና ደፍርሶ አያውቅም።

አያት ስኒውን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። እሳቸው መኝታ ቤት ሳሉ አንድ ሰው ይህን ጀበና አንስቶታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ እስቲ ይህን ክዳን ይዳስሱት። ማቶቱንም።»

«ደረቅ ነው።»

«አሁን የእሱን እጅ ይዩት።»

የጣሪያ ሠሪው እጅጌ አሁንም ይንጠባጠባል። የነካው ሁሉ ርሷል፤ ሳጥኑ፣ የበሩ እጀታ፣ የሃምሳ አለቃው ኮት ሳይቀር።

«ጀበናዬን የነካው ደረቅ እጅ ነው» አሉ አያት።

«ጀበናና ቀለበት ምን አገናኛቸው?»

«ቆይ፣ እንደርስበታለን።»

ያን ጊዜ ከጀበናው አጠገብ የተቀመጡት እትዬ ሳቂታ ብድግ አሉ። የአጥር ጎረቤት ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው በሳቃቸው ነው። ዛሬ ግን አልሳቁም።

«በረካው ዛሬ ይቅርብን። ልጅቷ እያለቀሰች ምን ቡና አለ? ጀበናውን እኔ አጥቤው ልምጣ።»

እጃቸውን ዘረጉ። አያት ጀበናውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

ሳቂታ በዚህ ቤት በረካ ሳይጠጡ ተነስተው አያውቁም። ጀበና ላጥብ ብለውም አያውቁም። አያት ልባቸው ስብር አለ። ሳቂታ ለእሳቸው እህት ያህል ናቸው፤ አያት ባላቸውን ሲቀብሩ በክንዳቸው የደገፏቸው እሳቸው ናቸው።

ቢሆንም አያት ወደኋላ አላሉም። «ቁጭ በይ» አሉ።

ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ ጨመሩ። ፍሙን አራገቡ። ፈላ፤ አበረዱት፤ አወረዱት። አሁን ከአጠገቡ አልተነሱም። እስኪሰክን ጠበቁት። ከዚያ ቀጠን ያለውን በረካ ቀዱና የመጀመሪያውን ስኒ ለጣሪያ ሠሪው ሰጡ፤ የመጨረሻውን ለሳቂታ።

«ይኸው በረካው ደረሰ። ታላቃችን አንቺ ነሽ። ልጅቷን መርቂያት።»

በበረካ የሚመርቁት ሁልጊዜ ሳቂታ ናቸው። ስኒውን ያዙ። አፋቸውን ከፈቱ። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

ስኒውን መልሰው ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ።

«አልችልም» አሉ፤ እንባቸው ወረደ።

አያት ሳፋውን አቀረቡ። ጀበናውን ውሃ ጨምረው በጥብጠው በአንገቱ ደፉት። ጥቁሩ አተላ ግልብጥ ሲል አንድ ነገር ሳፋው ላይ ቃ! አለ።

ሙሽሪት ዘልላ አነሳችው።

«ለምን?» አሉ አያት።

«ልሰርቀው አይደለም! ሠርጉ እንዲቆይ ብዬ ነው። ሙሽራው እኮ አንቺንም አብሮ ሊወስድሽ ነው። ከእሁድ በኋላ ይሄ በር ይዘጋል። እንዲህ ሲዘንብ የማንን በር ላንኳኳ? ሰው የለኝም እኮ! እናንተ ስትሮጡ እኔ ኋላ ቀረሁ፤ ትመለሳላችሁ ብዬ ተደናገጥኩና የጀበናው አፍ ቀረበኝ፣ ወደ ታች እንዲሰምጥ ነቀነቅኩት።»

«ሰውየው ሲያዝስ? ዝም አልሽ?»

«ማስረጃ ሲጠፋ ይለቁታል ብዬ…»

«ቢለቁትስ ስሙን ማን ይመልስለታል? ተነሺ። መጀመሪያ እሱን።»

ሳቂታ ጣሪያ ሠሪው ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ በደልኩህ። ይቅር በለኝ።»

እሱ ስኒውን አላስቀመጠም። «ይሁን እትዬ። ብቻ እኔን ሲይዙኝ ሲያዩ አንጀትዎ እንዴት ቻለ?»

ሳቂታ አንገታቸውን ደፉ። ሃምሳ አለቃውም «እኔም ቸኩያለሁ» አሉት።

ሳቂታ ወደ አያት ዞሩ። «ቅሪልኝ።»

«አልቀርም» አሉ አያት፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ይህቺን ልጅ ከእናቷ ሞት ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ወልዳ ስትተኛ ከእኔ ሌላ ማን አላት? እሄዳለሁ። አሁን ስኒሽን አንሺና መርቂያት።»

ሳቂታ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ስኒውን አነሱት።

«ትዳርሽን ያጽናልሽ። ወልደሽ ሳሚ። ቤትሽ ሰው አይጣ።»

«አሜን።»

«አያትሽን…» ወደ አያት ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ቀጠሉ። «አያትሽን ውሰጃት። አደራ፣ ብቻዋን ቡና እንዳትጠጣ።»

ሁሉም «አሜን» አለ፤ ጣሪያ ሠሪውም ጭምር። አያት የሳቂታን እጅ ይዘው ከሁሉም በኋላ «አሜን» አሉ።