ካብ እና ግንብ

ጦናን ያገኙት ጠዋት ነው፤ መላ ሰውነቱ ላይ ድንጋይ ተከምሮበት፣ አንድ እጁ ብቻ ወጥቶ።

ጦና ሶዶ ከተማ ባለ አንድ ኮሌጅ የታሪክ መምህር ነበር። የታላቋን ዚምባብዌን ፍርስራሽ አጥንቶ ከተመለሰ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረውም። የዚያችን የመካከለኛ ዘመን የወርቅ ንግድ ከተማ ቅጥር አምሳያ በትንሽ መጠን፣ ያለ ሲሚንቶ፣ በኮሌጁ ግቢ ሲያስክብ ከረመ። የካቡ ምረቃ ለፊታችን ቅዳሜ ተቀጥሮ ነበር።

ኢንስፔክተር የትምወርቅ ስትደርስ ካቡን የሠሩት ሽማግሌ፣ ጋሽ ጩማ፣ በካቴና ታስረው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል።

«ያለ ሲሚንቶ ይቆማል ብለው ሰው አስፈጁ» አላት ሳጅን ሻንቆ።

«ድንጋዩን ማንም አይንካ» አለችና ከሽማግሌው አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ጋሽ ጩማ፣ ያለ ሲሚንቶ እንዴት ይቆማል?»

«ሁለት ፊት አለው፣ ልጄ። በውጭም በውስጥም የተጠረበ ድንጋይ በረድፍ ይሄዳል፤ መሃሉ በስብርባሪ ይሞላል። ሥሩ ሰፊ ነው። ከፍ ሲል እያንዳንዱ ረድፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱ ፊቶች መሃሉን ተደግፈው ይቆማሉ። የሚይዘው ክብደቱ ነው።»

«ዝናብ አይጥለውም?»

«በስንጥቁ ገብቶ በስንጥቁ ይወጣል። የቀረው ከሥር በተውነው ቦይ ይፈሳል።»

«ከመምህሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ነከሱ። «እዚያ አገር ግራናይቱን በእሳት አግለው ውሃ ሲረጩበት እንደ ጣውላ ይሰነጠቃል አለ። የኛን ድንጋይ ሞከርነው፤ ተፈረካከሰ። ሳቅሁበት፤ አኮረፈ። በማግስቱ አዲስ መሮ ይዞልኝ መጣ። ይኸው ነው ጠባችን።»

የጦና ባለቤት ሳምራ ከዛፍ ሥር ቆማለች። አይኗ ደርቋል።

«ትናንት ከሰዓት ደወለልኝ» አለች። «የካቡን አንድ ክፍል ቅዳሜ እንግዶቹ ፊት አፈርሰዋለሁ አለ። ለምን ስለው፣ ስመጣ እነግርሻለሁ አለኝ።»

የኮሌጁ ግንባታ ተቆጣጣሪ ኢንጂነር ሳሚ ሳይጠየቅ ቀረበ። «አስጠንቅቄ ነበር። ግንቡ ውስጥ ውሃ ታቆረ፤ ገፋው፤ ተናደ። የኔ እህት፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።»

የትምወርቅ በካቡ ሥር ጎንበስ ብላ ሄደች። ከቦዮቹ ሁሉ የሌሊቱ ዝናብ ይንጠባጠባል፤ ከፈረሰው አጠገብ ያለው አንዱ ብቻ ደረቅ ነው። ከዚያ ክምሩን በፊቷ አስነሳች። ከላይ ከባዱ የተጠረበ ድንጋይ ተነሳ። ከሥሩ፣ አስከሬኑን ነክቶ የተኛው ስብርባሪው ነበር። የጦናን አፍ በጣቷ ከፍታ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

ሁሉንም ወደ ካቡ ጠራች።

«ጋሽ ጩማ፣ ካብ ሲናድ ቀድሞ የሚወድቀው ምኑ ነው?»

«ፊቱ ነዋ። መሃሉ ላይ ሆዱ ይነፋል፣ ፊቱ ይወጣል፣ ስብርባሪው ተከትሎ ላዩ ላይ ይፈሳል።»

«ስለዚህ ተጠርቦ የተካበው ከሥር፣ ስብርባሪው ከላይ ይገኛል። እዚህ ግን ተገልብጧል። ደግሞ የታችኞቹ ረድፎች እንደ ገመድ ቀጥ ብለዋል፤ የተነፋ ሆድ የለም። ካቡ አልተናደም። አንድ ሰው ከላይ ጀምሮ አፈረሰው፤ የቀለለውን አስቀድሞ በሰውዬው ላይ ጣለ፣ ከባዱን አስከተለ። በካብ የኖረ ሰው እንዲህ አይሳሳትም።»

ወደ ሳሚ ዞረች። «ጠዋቱን ሙሉ ሁሉም ካብ ይላል፤ አንተ ብቻ በሲሚንቶ እንደተያያዘ ሁሉ ግንብ አልክ። ውሃ ታቆረ አልክ። ካብ ውሃ አያቁርም። ውሃ የሚያቁር ነገር እዚህ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ካስገባው ሰው በቀር ማን ነው?»

ሻንቆ በደረቁ ቦይ አጠገብ የቀሩትን ድንጋዮች ነቀለ። ከመሃሉ ግራጫ ኮንክሪት ብቅ አለ፤ ስብርባሪው በሲሚንቶ ተጣብቆ አንድ ሆኗል።

«ቤተ ክርስቲያን በሄድንበት እሑድ ነው ያስገባው» አሉ ጋሽ ጩማ፣ ለራሳቸው ያህል።

«በፊርማዬ ነው የተሠራው» አለ ሳሚ። «ቢወድቅ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ትንሽ ባጠናክረው ምን አለበት? እሱ ግን ሰው ፊት ሊያዋርደኝ...» አቋረጠ። «ይህ ሁሉ ገዳይ አያደርገኝም።»

«አፉ ውስጥ እስከ ጉሮሮው የድንጋይ ዱቄት አለ» አለች የትምወርቅ ቀስ ብላ። «ስትከምርበት ይተነፍስ ነበር።»

ሳሚ ወደ ክምሩ ዞረ።

«ሞቷል ብዬ ነበር» አለ። «እንደመታሁት አልተንቀሳቀሰም። ሞቷል ብዬ ነበር።»

ሳምራ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ሳሚ እጅ ገባ። ጋሽ ጩማ የእጃቸውን አንጓ አላሹም። ከክምሩ አንድ ድንጋይ አነሱ፤ ደም ያለበት መሆኑን አዩና መልሰው አስቀመጡት። ሌላ አነሱ፤ ፊቱን ፈልገው አገላበጡት።

«ካቡን ምን ላድርገው፣ ልጄ?» አሏት ሳምራን።

ሳምራ ካቡን አየችው። ሲሚንቶ ያልገባበት ሁሉ እንደቆመ ነበር።

«ሲሚንቶውን አውጡልኝ» አለች። «የቀረውን እሱ እንዳለው ካቡት።»