ሰባተኛው ቀልድ

ዌንደል ክራውስ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የሞተው ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ኒው ዮርክ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የሚያየው የእሱ የሌሊት የቴሌቪዥን ዝግጅት የሚቀረጸው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነውና፣ አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ተመልካች ነበር። ሁሉም ቀልድ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሉሽየስ ቲብስም ድራሙን እየደበደበ ነበር። ባንዱን መምራት ከጀመረ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ተመልካቹ ከወጣ በኋላም ከወንበሩ አልተነሳም።

መርማሪ ኮንቼታ ብሩስኮ ጠረጴዛውን ዞረችው።

«ምንም የማይጽፍ ሰው ጠረጴዛ ምን ያደርግለታል?»

«ቤቱ እኮ ነው» አለ ጊል ኦርዝ። ቀልዶቹን ዌንደል እንዲያነባቸው በትልልቅ ካርቶን ጽፎ ካሜራው አጠገብ የሚይዝ እሱ ነው። «እንግዳው ጎን ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ የቤቱ ጌታ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ወረቀቱንም፣ የሚንቀጠቀጥ ጉልበቱንም ይደብቅለታል። ከኋላው መደርደሪያ አለው። የአለርጂ መርፌው እዚያ ነበር።»

ዌንደልን ኦቾሎኒ ይገድለው ነበር። ያ መርፌ ነው የሚያድነው። አሁን ግን መደርደሪያው ባዶ ነው፣ ዌንደል የጠጣው የዝንጅብል ሻይ ደግሞ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል።

«ሻዩን ማን አመጣ?»

«እኔ። ሁልጊዜ እንደማደርገው ቀምሼዋለሁ፤ ደህና ነበር። መርፌውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ወዲያው ሕዝቡ ገባ፣ መብራቱም ቦግ አለ።»

«ከዚያ በኋላ ይሄ ጠረጴዛ የጨለመው መቼ ነው?»

ጊል አሰበ። «በመክፈቻው ቀልድ ጊዜ ብቻ። ዌንደል መጋረጃው ፊት ቆሞ አሥራ ሁለቱን ቀልድ ሲል መብራቱም ዓይኑም ሁሉ እሱ ላይ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ሉሽየስ ዞረች። «ሲታነቅ አላየኸውም?»

«እጁን አነሳ» አለ ሉሽየስ ቀስ ብሎ። «ማስታወቂያ በሚገባበት ሁለት ደቂቃ ተኩል እኛ እንጫወታለን። አዳራሹ ጸጥ ካለ ሕዝቡ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶም አይስቅም። እሱ እጁን ካነሳ ደግሞ ‹ጨምሩ› ማለት ነው። ጨመርኩ።»

«ሊያባርራችሁ ነበር አሉ።»

«ጠረጴዛውንም፣ ባንዱንም፣ የመክፈቻውን ቀልድም ሊያስቀር ነበር። ነገ ሊፈርም ነበር። የገደልኩት እኔ ከሆንኩ ንገሪኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የጸሐፊዎቹ አለቃ ማርጀሪ ፌን ከዳር ሆና «ተወው እንግዲህ፣ ሉሽየስ። አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው» አለችው። የሳቅ ወረቀቷን ለመርማሪዋ ሰጠቻት። የትኛው ቀልድ እንደሠራ እያየች በየቀኑ ምልክት የምታደርግበት ነው። ለነገ ቀልድ የሚጻፈው ያንን አይተው ነው። «ሁሌ እዚያ መድረኩ የሚታይበት ስክሪን አጠገብ ነው የምቆመው። ዛሬም እዚያው ነበርኩ።»

መርማሪዋ ወረቀቱን ይዛ ቀረጻውን ልታይ ወጣች። ስትመለስ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጠረጴዛው ሲጨልም ጊል ካርቶን ይዞ ነበር፤ ሁለት እጅ ነው ያለው። ሉሽየስ በየቀልዱ ኋላ አንድ ምት አለበት፤ ቀረጻው ላይ አንዱም አልጎደለም። እስቲ ሉሽየስ፣ ሰባተኛው ቀልድ እንዴት ነበር?»

«ሞተ! ማንም አልሳቀም። ዌንደል ዝም አለና ክራቫቱን አውልቆ አፍንጫውን ጠረገበት። እኔም አንዴ መታሁለት። ያኔ ነው አዳራሹ የፈነዳው። እኛ የምንቀመጠው ለዚሁ ነው፤ ቀልዱ ሲወድቅ ለማንሳት።»

«ማርጀሪ ግን ሰባተኛው ላይ ‹በጣም ሳቁ፤ ለነገ ይደገም› ብላ ጽፋለች።»

መርማሪዋ ወደ ማርጀሪ ዞረች።

«ያየ ሰው ‹ወደቀ፣ በክራቫቱ ተረፈ› ብሎ ይጽፍ ነበር። አንቺ ድራምና ሳቅ ብቻ ነው የሰማሽው። ስክሪኑ አጠገብ አልነበርሽም፤ ጨለማው ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ነበርሽ፤ ሻዩ ውስጥ ኦቾሎኒ ጨመርሽ፣ መርፌውን ወሰድሽ። ማስታወቂያው እንደጀመረ ሻዩን እንደሚያነሳ፣ ቢጮህ ባንዱ እንደሚውጠው፣ መርፌውን ሲፈልግ ደግሞ ጠረጴዛው እጁን እንደሚደብቀው ታውቂያለሽ። በየቀኑ ያው ነዋ!»

አንድ ፖሊስ ከማርጀሪ ካፖርት ኪስ መርፌውን አወጣ። እሷ ዞር ብላም አላየችው።

«ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሰደብ ውሎ ቤቱ ይገባል» አለች። «ያው መጋረጃ፣ ያው ዜማ፣ ያው አሥራ ሁለት ቀልድ። አየት አድርጎ ይተኛል። እኛስ ብንሆን ቅርጹ ባይኖር በየቀኑ አንድ ዝግጅት ከየት እናመጣለን? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጻፍኩለት። እንዳይቀይረው ለመንኩት። ‹ሰልችቶኛል› አለኝ።»

ወሰዷት።

«መርማሪ» አለ ሉሽየስ፣ «እጁን ሲያነሳ ብናቆም ኖሮስ?»

«መርፌው ቦታው አልነበረም።»

«እሱን አልጠየቅኩም። ድምፁ ይሰማ ነበር ወይ?»

ብሩስኮ የሳቅ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ጊል ካርቶኖቹን አቅፎ መሬት መሬት ያያል።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ይሄ ጸጥታ እንዳይመጣ ነበር ለሉሽየስ አሥራ ስድስት ዓመት ደመወዝ የተከፈለው። ሉሽየስ የድራሙን ዱላዎች መሬት አኖራቸው። ጣቶቹ ግን ጉልበቱ ላይ መምታት ጀመሩ። ጨበጣቸው፣ ጭኑ ሥር ደፈጠጣቸው፣ አላቆሙም።