የስምንት ሰዓቷ ማስታወሻ

እውነት ነው። ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም... ግን እውነት ነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐይ መስኮቱን ሞልታው፣ ጎረቤቴ ውጭ ልብስ እያሰጣች።

እናቴን ስትሮክ ከመታት አምስት ወር ሆኖ ነበር። ግማሽ አካሏ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቷም ተይዟል። በደህናው እጇ እንኳን ማንኪያ መጨበጥ አትችልም። ሠላሳ ዓመት አስተማሪ ነበረች። እኔንም ቤት ውስጥ በቀይ እስክሪብቶ ስታርመኝ ነው ያደግኩት።

ቤት እየመጣች የምታያት ነርስ ደብተር ሰጠችኝ።

"በየሁለት ሰዓቱ ገልብጫት። ጀርባ፣ ቀኝ፣ ግራ። ያደረግሽውን ወዲያው ጻፊ። ያላደረግሽውን ባዶ ተዪው። እኔ የምወስነው በእሱ ነው።"

ጻፍኩ።

4:00 — በጀርባ። ራሷን ከፍ አድርጌ ሦስት ማንኪያ ወፈር ያለ ሾርባ። አንዴ ሳለች።

6:00 — በቀኝ ጎን። ሽንቷ ጠቆር ብሏል። እኔ ደህና ነኝ። ምንም አይሰማኝም።

አንድ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ አቃተኝ።

መገልበጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ትከሻና ዳሌዋን ይዞ ማዞር፣ ከጀርባዋ መደገፊያ፣ በጉልበቶቿ መሃል ትራስ። ከቁርጭምጭሚቷ ሥር ደግሞ የተጠቀለለ ፎጣ፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ። ወገቤ ተቆርጧል።

"8:00 — በግራ ጎን" ብዬ ጻፍኩ። ሳልነካት ሶፋው ላይ ተኛሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ነቃሁ።

እማዬ እንደተውኳት በቀኝ ጎኗ ናት። ዓይኗ ተከፍቶ እኔን ያያል።

ደብተሩን አነሳሁ። ከስምንት ሰዓቷ ማስታወሻ ጎን... ቀይ ኤክስ።

ቤታችን ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ የለም። ጡረታ የወጣች ዕለት ሁሉንም ጥላቸዋለች። በሩም ከውስጥ ተቆልፏል።

"እማዬ... አንቺ ነሽ እንዴ?" አልኳት እየሳቅኩ።

እጇ ብርድ ልብሱ ውስጥ ነው፣ እኔው ራሴ ያስገባሁት።

መደንገጥ ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። የማፍርበትን ልንገራችሁ... በዚያው ሳምንት ሁለቴ ደገምኩት። ሁለት ኤክስ ተጨመረ።

ዓርብ ነርሷ መጣች። የእማዬን ቀኝ ዳሌ ገልጣ አየችው። ቆዳው ጠቁሯል። በጣቷ ስትጫነው ሞቅ ይላል፣ ጠንከር ይላል።

ደብተሩን አገላበጠች።

"በየሁለት ሰዓቱ እየተገለበጠች ነው... እንግዲያ ችግሩ ፍራሹ ነው። ቆዳው ከተከፈተ ለሕይወቷም ያሰጋል። ፍራሹን እንቀይራለን።"

"ኤክሶቹን አላየሻቸውም?" አልኩ በሹክሹክታ።

"የቱን ኤክስ?"

ገጾቹ ላይ ሦስት ቀይ ኤክሶች ይታዩኛል። እሷ ግን ግራ ገብቷት እኔን ታያለች።

እማዬም ታየኛለች።

"ውሸት ነው" አልኩ። "ሦስቱ ውሸት ነው። አልገለበጥኳትም። ተኝቼ ነበር።"

ነርሷ ደብተሩን ዘጋችው።

"እንኳን ነገርሽኝ። ፍራሹን ቀይረን ቀን እንቆጥር ነበር፣ ዳሌዋ እየባሰ። በቃ፣ በቀኝ ጎኗ እንዳትተኛ። ሲደክምሽ ባዶ ተዪው፣ እሺ የኔ እህት? ባዶ ነውር አይደለም።"

ከዚያ በኋላ አልዋሸሁም። "8:00" ብዬ ባዶ የተውኩባቸው ቀናት አሉ። ኤክስ አልመጣም። ዳሌዋም ሳይከፈት ተመለሰ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን እማዬ በሳንባ ምች ሞተች። "በዳሌዋ አይደለም" አለችኝ ነርሷ። ሁለቴ ነገረችኝ። አላለቀስኩም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ሁሉ የሄደ ዕለት በሩን ቆለፍኩ። ስምንት ሰዓት ነበር። በእማዬ አልጋ ላይ በጀርባዬ ጋደም አልኩ። ትራሷን ከራሴ ሥር አደረግኩ። መደገፊያው፣ የጉልበቷ ትራስና ፎጣው ሁሉ ቁምሳጥን ውስጥ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ነቃሁ።

በግራ ጎኔ ነኝ።

ከጀርባዬ መደገፊያ አለ። በጉልበቶቼ መሃል ትራስ። ከቁርጭምጭሚቴ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ... ተረከዜ ፍራሹን አይነካም።

ወገቤ አያመኝም። ከስንት ወር በኋላ።

ያኔ አለቀስኩ። አይ እማዬ... እያልኩ።

ደብተሩ ፊት ለፊቴ ተከፍቷል፣ የማክሰኞው ገጽ ላይ። "8:00 — በግራ ጎን።" የራሴ ጽሑፍ ነው።

ኤክሱ የለም። በቦታው ቀይ ራይት አለ።

በጣቴ ነካሁት። ቀለሙ ገና አልደረቀም።