የመርድያስ የመጨረሻ ድምፅ

በዝሐራ ምድር ፀሐይ በጥቁር ቀለበት ተከባ በወጣችበት ዕለት የዝናብ ደወል ከማማው ላይ ጠፋ። የሰረቀው ሐርጉም ነበር፤ ሰውን በሚወደው ሰው ድምፅ እየጠራ የሚበላው የዋሻ አውሬ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ደረቀ፣ ወንዞቹ ጠጠራቸውን አሳዩ፣ ሰዉም ከብቱም አንገቱን ደፋ። የቤተ መንግሥቱ ጠቢባን ብዙ ከመከሩ በኋላ በንጉሡ ፊት ቆሙ።

«ደወሉ ባለበት ይደወል፤ ያን ጊዜ ሐርጉም ይሞታል፣ ዝናቡም ይመለሳል። የደወለው ሰው ግን ድምፁን እዚያው ትቶ ይወጣል» አሉ።

በሸንጎው ሲፎክሩ የኖሩት ሁሉ የጫማቸውን ጫፍ ማየት ጀመሩ። የተነሣው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ መርድያስ ነበር።

«ሰማይ ይስማኝ፣ ምድር ትያዘኝ! ደወሉን ሳልደውል አልመለስም» ብሎ ማለ።

ሁለት ሰዎች አብረውት ወጡ። አንዱ በጦርነት ያረጁት አለቃ ጎርዝም ናቸው። ሁለተኛዋ የገደል መሪዋ ታልሚና ናት፤ ገመድ በእጇ ከገባ ድንጋይ የሚታዘዝላት የሚመስል ሴት። መርድያስ በመንገዱ ሁሉ ሲያያት ሰነበተ። ድምፁ ሊሄድ ነው፤ የልቡን ሳይናገር ቢቀርስ? ይህ ሐሳብ ከሐርጉም ይልቅ እንቅልፍ ነሳው።

የሐርጉም ዋሻ ካለበት ገደል ሥር ሲደርሱ ታልሚና ገመድ ልትተክል ብቻዋን ወደ ላይ ወጣች። መርድያስ ይዟት የመጣውን ነጋሪ ወፍ ከቅርጫቷ አወጣ። በዝሐራ ሰው የወደዳትን ሴት ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ተጠያቂዋ ሳትሳቀቅ፣ ፊቷንም ለማሳመር ሳትጨነቅ እንድትመልስ ወፍ ይልካል። እጁን በወፏ ደረት ላይ አድርጎ የተናገረውን ወፏ በራሱ ድምፅ ይዛ ትሄዳለች፤ ሌላ ቃል እስኪሰጣትም ያንኑ አትረሳም፤ እጅ ሲዘረጉላት ትደግመዋለች።

«ታልሚና፣ ገደሉን ስትወጪ እያየሁ እግሬን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ፤ ብወድቅ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ዛሬ አመሻሽ ላይ ከጎኔ ተቀምጠሽ ብናወራስ?» አለ፤ ወፏም በረረች።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ቀበቶውን ፈታ፣ መልሶ አሰረ። ቀልዱ በዛ ይሆን? አነሰ ይሆን? «ጥፋቱ ያንቺ ነው» ማለቱስ ምን የሚሉት ነገር ነው? ወፏ ተመልሳ ትከሻው ላይ ስታርፍ ልቡ በአፉ ልትወጣ ደረሰች። ወፏም በታልሚና ድምፅ ተናገረች።

«መርድያስ፣ አሳቅኸኝ፤ ስለ መልካም ቃልህም አመሰግናለሁ። ዛሬ ግን ገመዶቹን ልፈትሽ። ደህና እረፍ።»

አንድም ክፉ ቃል የለበትም፤ ግን ሙቀትም የለበትም። መርድያስ እጁን እየዘረጋ ወፏን ደጋግሞ አናገራት። «ዛሬ ግን» ብላለች፤ ነገስ? «አሳቅኸኝ» ያለችውስ? አለቃ ጎርዝምን ምን እንደሚመስላቸው ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ጦራቸውን መሳል ሳያቆሙ «ልጄ፣ ብትፈልግ ኖሮ ዛሬ ባይመቻት ሌላ ጊዜ ትጠራህ ነበር። እሷ በትሕትና በሩን ዘጋች። አንተ ደግሞ ቀዳዳ አትፈልግ» አሉት።

እውነታቸውን እንደሆነ ያውቃል፤ ያቃጠለውም ይኸው ነው። ፊቱ እንደ ፍም ጋለ። ለቀልድ ነው የላክሁት ልበላት ይሆን? ወይስ ምክንያቷን ልጠይቃት? ሳያስበው እጁ በወፏ ደረት ላይ አረፈ።

«ድምፄን ላጣ ለምሄድ ሰው አንድ ምሽት መንፈግሽ ይገርማል። ኩራትሽ ከገደሉ ይበልጣል» አለ።

ወፏ ቃሉን ይዛ ክንፏን ዘረጋች። መርድያስ ደንግጦ እግሮቿን ያዘ። ወፏ ተንፈራገጠች፣ ጣቱንም ነከሰችው፤ ደሙ እየወረደ አለቀቃትም። ያቺ ሴት ነገ ከዋሻው በላይ የእሱን ገመድ ይዛ ትቆማለች። ይህን ከሰማች በኋላ በምን ልብ ገመዱን ትይዝለታለች? ደግሞስ ድምፁን ለመስጠት የማለው ራሱ ነው፤ እሷ ከእሱ አልተበደረችም፣ ለምን ትከፍለዋለች? አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ትንፋሹ እስኪረጋ ጠበቀ። ለወፏ ውኃ ሰጣትና እጁን እንደገና ደረቷ ላይ አደረገ። ረጅም ማብራሪያ ወደ ምላሱ መጣ፤ ዋጠው። ሙገሳም መጣ፤ እሱንም ዋጠው።

«ገባኝ፣ ታልሚና። በቅንነት ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። በመካከላችን የሚበላሽ ነገር የለም፤ ነገ ገመዱን የምትይዢው አንቺ በመሆንሽ ደስ ብሎኛል።»

ወፏ ሄደች፤ መልስ ሳይሰጣት ያንኑ ቃል እንደያዘች ተመለሰች። መርድያስም ሌላ ቃል አልላከም። መልስ ያልጠየቀ ቃል መልስ ባያገኝ ምን ይገርማል? ሆኖም ታልሚና ስትወርድ ዓይኑን ትሸሽ ይሆን? እሱስ ይሸሻት ይሆን? እንደ ወትሮው ውኃ አቀበላት፣ ስለ ገመዱም ጠየቃት። ትከሻዋ ላይ የነበረው ውጥረት ሲለቅ አየ። ከእሳቱ ማዶ ተቀምጣ ዋሻው ውስጥ ድምፅ እንደማይታመን፣ ገመዱ ብቻ እንደሚታመን አስረዳችው፦ ደወሉን በዋሻው ጣራ ስንጥቅ አይታዋለች፤ ከላይ እየተከተለች ስትስበው ወደ ሳበችበት ይሄዳል።

በማግሥቱ ወገቡን አሰረችው፤ ቋጠሮውንም ደጋግማ ፈተሸች። እጇ አላመነታም። አለቃ ጎርዝም በዋሻው አፍ ዘብ ቆሙ፤ ታልሚና የገመዱን ጫፍ ይዛ ወደ ስንጥቁ ወጣች፤ መርድያስም ወደ ጨለማው ገባ።

መንገዱ ለሁለት በተከፈለበት ቦታ ድምፅ ሰማ። የታልሚና ድምፅ ነበር፤ እንዲያ ለስልሶ ግን ሰምቶት አያውቅም።

«መርድያስ፣ በግራ በኩል ና። ትናንት አፍሬ ነው፤ ያልሁት እኮ ‹ዛሬ› ብቻ ነበር። ልቤን አላወቅህም?»

እግሩ ሳይታዘዘው አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ። ሲመኘው ያደረው ቃል፣ ራሱ የፈለገው ያ ቀዳዳ ነበር። በዚያው ቅጽበት ገመዱ ወደ ቀኝ ተሳበ።

«የእሷን መልስ ሰምቻለሁ፤ ተቀብዬዋለሁም» አለ መርድያስ። ፊቱንም ወደ ቀኝ አዞረ። ተንኮሉ የከሸፈበት አውሬ ከኋላው እያገሣ ተወረወረ። መርድያስ በገመዱ እየተመራ ሮጦ ደወሉ ጋ ደረሰ፤ ባለ በሌለ ኃይሉም መታው።

ተራራው ተናወጠ። ሐርጉም ተሰንጥቆ አመድ ሆነ። ከውጭ የነጎድጓድ ድምፅ ተሰማ። መርድያስ «ዳንን!» ሊል አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም።

ዝሐራ በዝናብ ራሰች፤ ሕዝቡ ዘፈነ። በሸክላ ሠሪዋ ቤት ግን ዝምታ ገባ። እናቱ ፊቱን በእጆቿ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ወፏን አስታወሰችና እጇን ዘረጋች። መርድያስ ደነገጠ። በዓለም የቀረው ድምፁ ወፏ የያዘችው ብቻ ነው፤ የቁጣ ቃሉን እንዳትወስድ ሲይዛት የነከሰችውን ጣቱን ጨብጦ ጠበቀ።

«ገባኝ፣ ታልሚና። በቅንነት ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። በመካከላችን የሚበላሽ ነገር የለም…»

እናቱ ለምን እንደተባለ አልጠየቀችም፤ የልጇ ድምፅ ነውና ደግማ አናገረቻት። ታልሚና ሊጠይቁት ከመጡት ጋር ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ገብታ እንደ ወንድሟ አቅፋ ሳመችው፤ ከእናቱም ጎን ተቀምጣ፣ ቃሉ እስኪያልቅ ሳትሸማቀቅ አዳመጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ድምፅ እንዳይጠፋ በዚያች ወፍ ደረት ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው የለም።